ዋጋውን ሳይነኩ ቀኑን መደራደር፦ የከሚሴ ቸርቻሪና የዱቤ ግዢ ውሉ

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በስተ ሰሜን ደረቅ ወደብና ፋብሪካዎች ያሏት ኮምቦልቻ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በስተ ደቡብ ደግሞ መርካቶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ይገኛል። የከተማዋ ቸርቻሪ ዘይት፣ ሳሙና፣ ፓስታና ዱቄት የሚገዛው በእነዚህ ሁለት የገበያ ማዕከላት ካሉ ወይም ከእነርሱ ዕቃ ከሚያመጡ ጅምላ ነጋዴዎች ነው። አንዱ ሱቅ በአንድ ጊዜ የሚወስደው ሃምሳ ወይም መቶ ካርቶን ለጅምላ ነጋዴው ከሽያጩ ኢምንት ድርሻ ስለሆነ፣ «ዋጋ ቀንስልኝ» የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ገበያው ይኸው ነው» በሚል አጭር መልስ ይዘጋል።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ከዚህ መልስ በኋላ ለቸርቻሪው የሚቀርለትን የድርድር ስፍራ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ ትንሹ ገዢ እጅግ ደካማ የሚሆነው በዋጋ ላይ ሲደራደር ነው። ዋጋ ግን ከግዢ ውሉ አንዱ አንቀጽ ብቻ ነው። የክፍያው ቀን፣ የክፍያው አከፋፈልና ዋጋው ጸንቶ የሚቆይበት ጊዜ ለሻጩና ለገዢው እኩል ክብደት የላቸውም። ለሻጩ ምንም ያህል የማያስወጣ ለገዢው ግን ብዙ የሚያድን ለውጥ የሚገኘውም በእነዚህ ውስጥ ነው።

ዋጋው የማይነቃነቅበት ምክንያት

ጅምላ ነጋዴው ለአንድ ትንሽ ሱቅ ዋጋ ቢቀንስ፣ ወሬው ወደ ሌሎቹ መድረሱ አይቀርም፤ ቅናሹም የአንድ ሰው ሆኖ አይቀርም። ስለዚህ ለእርሱ የአንድ ካርቶን ቅናሽ ወጪ የሚለካው በዚያ ሱቅ ግዢ ሳይሆን በደንበኞቹ ሁሉ ግዢ ነው። የክፍያ ቀን ግን እንዲህ አይደለም። ለአንዱ አሥር፣ ለሌላው ሃያ ቀን መስጠት በሰው ላይ ባለ እምነት የሚወሰን ስለሆነ፣ ልዩነቱ ሌሎችን እምብዛም አያስቆጣም።

በንግድ ዱቤ ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ይህንኑ አቅጣጫ ያመለክታሉ። ፒተርሰንና ራጃን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ አቅራቢ ከባንክ ይልቅ ለትንሽ ድርጅት ማበደር የሚቀልለው ለምን እንደሆነ አስረድተዋል። አቅራቢው ደንበኛው ምን ያህል ጊዜ እንደሚገዛ ያውቃል፤ ካልከፈለው ዕቃ ማቋረጥ ይችላል፤ የደንበኛው መቆየትም የራሱ የነገ ገበያ ነው። ክላፐር፣ ሌቨንና ራጃን እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ጥናት ደግሞ የነገሩን ሌላ ገጽታ ያሳያል። ረጅሙን የክፍያ ጊዜ የሚያገኙት ትልልቅና የታመኑ ገዢዎች ሲሆኑ፣ ያንን ጊዜ የሚሰጧቸው ብዙውን ጊዜ ከእነርሱ ያነሱ አቅራቢዎች ናቸው። የከሚሴው ቸርቻሪ በዚህ ሚዛን ደካማው ወገን ነው። ሆኖም ሻጩ ከሚያውቀውና ከሚፈልገው ነገር ጋር የሚገጥም ጥያቄ ካቀረበ መልስ የማግኘት ዕድል አለው።

የአንድ ግዢ ስሌት

ነገሩን ለማስረዳት ለአብነት የታሰበ አንድ ሱቅ እንውሰድ። የአንድ ካርቶን ዘይት የእጅ በእጅ ዋጋ 2,000 ብር፣ የ15 ቀን የዱቤ ዋጋ 2,060 ብር፣ የሱቁ መሸጫ ደግሞ 2,180 ብር ነው እንበል። ለማጓጓዣ በካርቶን 40 ብር ይወጣል። ሱቁ በቀን አምስት ካርቶን ስለሚሸጥ መቶ ካርቶን በሃያ ቀን ያልቃል።

መጀመሪያ የሚሰላው የዱቤው ዋጋ ነው። በ2,000 ብር ላይ ለ15 ቀን የተጨመረው 60 ብር ሦስት በመቶ ነው። በዓመት ቢሰላ ወደ 73 በመቶ ይደርሳል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1751 ሕጋዊው ወለድ ዘጠኝ በመቶ ነው ማለቱን ስናስታውስ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። እርግጥ ነው፣ 60 ብሩ የጊዜ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ያለመከፈል ስጋትና ገንዘቡን የመሰብሰብ ድካም አብረው ይገኙበታል። ስሌቱ የሚጠቅመው ዱቤን ለማውገዝ ሳይሆን ለማነጻጸር ነው። በሌላ ዕቃ ላይ፣ ለምሳሌ በሳሙና፣ የእጅ በእጁና የዱቤው ልዩነት አንድ በመቶ ብቻ ቢሆን፣ በእጁ ያለውን ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ለዘይቱ ከፍሎ ሳሙናውን በዱቤ መውሰድ ይሻለዋል። ብዙ ሱቆች ግን የሚያደርጉት የለመዱትን ነው፤ ከአንዱ ሻጭ ሁሉንም በዱቤ፣ ከሌላው ሁሉንም በጥሬ ገንዘብ ይገዛሉ።

ሁለተኛው ስሌት የቀኑ ነው፤ የድርድሩ ፍሬም ያለው በዚህ ነው። ሱቁ መቶውን ካርቶን በዱቤ ቢወስድ በ15ኛው ቀን 206,000 ብር ይጠበቅበታል። እስከዚያ ቀን የሚሸጠው ግን 75 ካርቶን ስለሆነ የሰበሰበው 163,500 ብር ነው። የ42,500 ብር ጉድለት አለበት። ንግዱ አትራፊ ነው፤ ዕቃው ሲያልቅ ከማጓጓዣ በኋላ 8,000 ብር ይተርፋል። ቢሆንም በ15ኛው ቀን ሱቁ «የማይከፍል» ደንበኛ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ከሌላ ሰው ይበደራል፣ የሌላ አቅራቢ ገንዘብ ያዛውራል፣ ወይም ስልኩን ያጠፋል። ሦስቱም የሚቀጥለውን ድርድር ያበላሻሉ።

አብዛኛው ቸርቻሪ እዚህ ላይ የሚያቀርበው ጥያቄ «ሃያ ቀን አድርግልኝ» የሚል ነው። ይህ ለሻጩ ግልጽ ወጪ ነው፤ ገንዘቡ አምስት ቀን ይዘገይበታል። ሌላ ጥያቄ ግን አለ፦ «ግማሹን በአሥረኛው ቀን፣ ግማሹን በሃያኛው ቀን ልክፈል»። በአሥረኛው ቀን ሱቁ 50 ካርቶን ሸጦ 109,000 ብር ሰብስቧል፤ ከዚያ 103,000 ብር ይከፍላል። በሃያኛው ቀን እንዲሁ። ጉድለት የለም። ሻጩ በበኩሉ ገንዘቡን የሚጠብቅበት አማካይ ጊዜ ያው 15 ቀን ነው፤ ምንም አልጠፋበትም። እንዲያውም ግማሹን ቀድሞ ስለሚያገኝ፣ በአንድ ጊዜ ለአደጋ የተጋለጠው ገንዘብ ከአሥረኛው ቀን በኋላ በግማሽ ያንሳል። ደንበኛው ችግር ላይ ከሆነም አምስት ቀን ቀድሞ ያውቃል። ትንሹ ገዢ ያለ ምንም የመደራደር ጉልበት ሊያገኘው የሚችለው ለውጥ ይህን የመሰለ ነው፤ የሚጠይቀው ችሮታ ሳይሆን የሻጩን ስጋት የሚቀንስ አከፋፈል ነውና።

ቀኑን ከገበያ ውሎ ጋር ማገናኘትም የዚሁ አካል ነው። በዞኑ ሰንበቴ እሑድ፣ ባቲ ሰኞ ገበያ ይውላሉ። ሽያጩ በእነዚህ ቀናት ላይ ለተመሠረተ ሱቅ፣ የክፍያ ቀኑ ከገበያው ማግስት ቢሆን ገንዘቡ በእጅ ላይ ያለበት ሰዓት ነው፤ ከገበያው ዋዜማ ቢሆን ደግሞ ከሁሉ የጎደለበት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለሻጩ የሁለትና የሦስት ቀን ጉዳይ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ስሌት ዱቤው በራሱ ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቃል። ያው ሱቅ 100,000 ብር ጥሬ ገንዘብ ቢኖረው፣ 50 ካርቶን በ2,000 ብር ገዝቶ በአሥር ቀን ሸጦ እንደገና 50 መግዛት ይችላል። በትንሽ በትንሹ ሲጫን ማጓጓዣው ወደ 55 ብር ከፍ ቢል እንኳ በካርቶን 125 ብር፣ በሃያ ቀን 12,500 ብር ያገኛል። በዱቤው ያገኘው 8,000 ብር ነበር። የ4,500 ብሩ ልዩነት ሱቁ 100,000 ብር ስላልነበረው የከፈለው ዋጋ ነው። ስለዚህ የዱቤ ትርፍን ጥቂት በጥቂት ወደ ራስ መዋዕለ ንዋይ መለወጥ የድርድሩ የረጅም ጊዜ ግብ ይሆናል። ገንዘቡ የሌለው ሱቅ ግን 73 በመቶውን ሰምቶ ዱቤውን ቢተው፣ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ 8,000 ብሩንም ያጣል።

ዱቤና የቅጣት ጥያቄ

የዞኑ ነዋሪ በአብዛኛው ሙስሊም እንደመሆኑ፣ የዱቤ ውል የሚዋዋልበት መንገድ በእስልምና የንግድ ሥርዓትም ይቃኛል። ይህ ለድርድሩ ቀጥተኛ ውጤት አለው። በአብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት ዘንድ ዕቃን በዱቤ ከእጅ በእጅ ዋጋ ከፍ አድርጎ መሸጥ የተፈቀደ ነው፤ ሁኔታው ግን ገዢና ሻጭ ከመለያየታቸው በፊት ከሁለቱ ዋጋዎች አንዱን ቆርጠው መስማማት አለባቸው የሚል ነው። ዕዳው አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ስለ ዘገየ ብቻ ላዩ ላይ መጨመር ሪባ ነው። በተቃራኒው፣ «ቀድሜ ልክፈልህ፣ ቀንስልኝ» የሚለውን አብዛኞቹ ሊቃውንት አይቀበሉትም፤ የሚፈቅዱም አሉ።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የጊዜውና የዋጋው ድርድር የሚካሄደው ዕቃው ከመጫኑ በፊት ብቻ ነው። «ወስደህ እንተያያለን» የሚባል ውል በሥርዓቱም ሆነ በጥቅም ረገድ ለገዢው አደገኛ ነው፤ በኋላ ለመደራደር የሚያስችለው ነገር ሁሉ በሻጩ እጅ ይሆናልና። ሁለተኛ፣ ይህን ሥርዓት የሚያከብር ሻጭ በመዘግየት ላይ ቅጣት መጣል ስለማይችል፣ የሚቀረው መሣሪያ ዕቃ ማቋረጥና ስም ማንሳት ነው። ስለዚህ በቀኑ የከፈለ ሰው መዝገብ ከማንኛውም ማስያዣ ይበልጣል። ከሦስትና አራት ጊዜ ያልተዛነፈ ክፍያ በኋላ የሚቀርብ የአከፋፈል ጥያቄ፣ በመጀመሪያው ግዢ ላይ ከሚቀርበው ጋር አንድ አይደለም። የሁለት ጊዜ አከፋፈሉ እዚህም ላይ ይጠቅማል፤ በአንድ ጭነት ሁለት ጊዜ በቀኑ የመክፈል ማስረጃ ያስገኛልና።

ከዚህ ጎን የባንኩ አማራጭም ተከፍቷል። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎትን በመመሪያ ፈቅዷል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀምሯል። በሙራባሓ ውል ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ትርፉን አስታውቆ በጊዜ ክፍያ ለደንበኛው ይሸጣል። ለቸርቻሪው የዚህ ውል ዋነኛ ጥቅም፣ ባይገባበት እንኳ፣ የ60 ብሩን ጭማሪ የሚያነጻጽርበት ሌላ ዋጋ ማግኘቱ ነው።

ዋጋ ሲዘል፦ የቀብድ ሚና

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ይፋዊ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ባለ ጊዜ የጅምላ ነጋዴው ጭንቀት ይለወጣል። ዛሬ በ15 ቀን ዱቤ የሰጠውን ዕቃ ገንዘቡ ሲመለስ በዚያው ዋጋ መተካት አይችልም። ስለዚህ ዱቤውን ያቋርጣል፣ ወይም የተስማማበትን ዋጋ ዕቃው ሳይጫን ያነሣል። ቸርቻሪው በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው የክፍያ ጊዜ ሳይሆን ዋጋው ለጥቂት ቀናት ጸንቶ መቆየቱ ነው።

ለዚህ የሚሆነው የታወቀው መሣሪያ ቀብድ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1883 ጀምሮ እንደተደነገገው፣ ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። የቀብዱ ልክ የሚሰጠው ዋስትና ልክ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሱቁ 200,000 ብር ለሚያወጣ ዕቃ 4,000 ብር ቀብድ ቢሰጥና የዕቃው ዋጋ በሁለት ቀን ውስጥ አምስት በመቶ ቢጨምር፣ ሻጩ ዕቃውን ለሌላ ሸጦ 10,000 ብር ያተርፋል፤ ከውሉ ለመውጣት የሚያጣው ግን 4,000 ብር ብቻ ነው። ስለሚያዋጣው ይወጣል። ቀብዱ 20,000 ብር ቢሆን ግን የዋጋው ጭማሪ አሥር በመቶ እስኪደርስ ድረስ ውሉን ማክበር ይሻለዋል። ትንሽ ቀብድ ሰጥቶ «ዋጋው ታስሮልኛል» ብሎ መተማመን ስህተት የሚሆነው በዚህ የተነሣ ነው።

በተቃራኒው የዋጋው መውረድ የቀብድ ሰጪው ኪሳራ ነው፤ ያኔ ቀብዱን ከመተውና በውዱ ከመግዛት አንዱን ይመርጣል። ስለዚህ ቀብድ የሚያዋጣው ዋጋ ሊጨምር ይችላል የሚባልበት ምክንያት ሲኖርና የሚጠበቀው ቀን አጭር ሲሆን ነው። ገንዘቡ ቀብድ ለመሆኑ፣ የዕቃው ዓይነትና ብዛት፣ ዋጋውና የመረከቢያው ቀን በጽሑፍ መስፈር ይኖርባቸዋል፤ አለዚያ ክርክር ቢነሣ ሻጩ «የቅድሚያ ክፍያ ነበር» ብሎ ያንኑ ገንዘብ ብቻ ለመመለስ በር ያገኛል።

ድርድሩ የሚከሽፍባቸው ሁኔታዎች

እስካሁን የተዘረዘረው ሁሉ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ቸርቻሪው የራሱን ሽያጭ በቀን ማወቅ አለበት። በቀን አምስት ካርቶን እሸጣለሁ ያለው ሱቅ በእርግጥ የሚሸጠው ሦስት ከሆነ፣ በአሥረኛው ቀን እጁ ላይ ያለው 109,000 ሳይሆን 65,400 ብር ነው፤ ራሱ የጠየቀውን ቀን ራሱ ያፈርሳል። ይህ በሻጭ ከተወሰነ ቀን ከመዘግየት የባሰ ነው። ሱቁ ራሱ ለደንበኞቹ በዱቤ የሚሸጥ ከሆነም፣ የተሸጠው ካርቶን ሁሉ ገንዘብ አለመሆኑ በስሌቱ መግባት አለበት። የመጀመሪያው የአደጋ ምልክት በቀላሉ ይታወቃል፦ የአንዱ አቅራቢ ዕዳ በሌላው አቅራቢ ዕቃ ሽያጭ መከፈል ሲጀምር፣ የክፍያ ቀኖቹ ከሽያጩ ፍጥነት ጋር ተለያይተዋል።

ሁለተኛው ወሰን የዱቤ ጥገኝነት ነው። ዕዳ ያለበት ገዢ ከኮምቦልቻ ወደ መርካቶ፣ ከመርካቶ ወደ ኮምቦልቻ ፊቱን ማዞር ይቸግረዋል፤ ሻጩም ይህን ያውቃል። በተከታታይ ግዢዎች የዱቤው ዋጋ ሌሎች ሻጮች ከሚጠሩት ጋር ሲነጻጸር ቀስ በቀስ እየራቀ ከሄደ፣ ጭማሪው የጊዜው ሳይሆን የመታሰሩ ዋጋ ነው። ከሁለተኛ አቅራቢ ጥቂትም ቢሆን እጅ በእጅ እየገዙ መቆየት፣ ዋጋውን ከማሳወቁም በላይ መውጫ በር ክፍት ያደርጋል። በዚህ ንጽጽር ከመርካቶው ዋጋ ላይ ማጓጓዣውና ለጉዞ የባከነው የሥራ ቀን መደመር አለበት፤ እነዚህን ሳይጨምሩ «እዚያ ርካሽ ነው» ማለት ሻጩ በቀላሉ የሚያፈርሰው ክርክር ነው።

ሦስተኛው ወሰን መንገዱ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ከሚሴ ሲደርስ እንደታየው፣ ከተማዋ የምትመገብበት አውራ ጎዳና ሊዘጋ ይችላል። ያን ጊዜ ዕዳው ባለበት ይቆያል፣ ሽያጩ ግን ይቆማል። ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎች አስቀድመው መመለስ አለባቸው፦ ዕቃው በመንገድ ላይ ቢጠፋ ኪሳራው የማን ነው? መንገድ ቢዘጋ የክፍያው ቀን የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው? ርክክቡ በሻጩ መጋዘን ከሆነ የመንገዱን አደጋ የተሸከመው ገዢው ነው፤ በከሚሴ ሱቁ ደጃፍ ከሆነ ሻጩ ነው። የክፍያው ቀን ዕቃው ከሚሴ ከተራገፈበት ቀን እንዲቆጠር መጠየቅ በሰላሙ ጊዜ ለሻጩ የአንድ ቀን ጉዳይ ሲሆን፣ መንገድ በተዘጋ ጊዜ ግን ሱቁ በመቆየቱና በመፍረሱ መካከል ያለውን ልዩነት ሊወስን ይችላል።

ማጠቃለያ

ከላይ የታዩት ጥያቄዎች አንድ ባሕርይ ይጋራሉ። ግማሹን በአሥረኛው ቀን መክፈል፣ ቀኑን ከገበያ ማግስት ማድረግ፣ ለዋጋው በቂ ቀብድ ማስያዝና ቀኑን ከርክክብ መቁጠር፣ ሁሉም ሻጩን ትርፉን እንዲለቅ አይጠይቁትም። ስለሆነም የአነስተኛ ነጋዴዎችን የመደራደር አቅም የሚያጠና ተመራማሪ የተገኘውን የዋጋ ቅናሽ ብቻ ቢለካ፣ ከድርድሩ ውጤት ዋናው ክፍል ያመልጠዋል። በዋጋው ዓምድ ላይ ምንም ያላተረፈው ሱቅ፣ በክፍያ ቀኖቹ ዓምድ ላይ 42,500 ብር ጉድለት ዘግቶ ሊገኝ ይችላል።